ለማያውቁት አጋር የሚላክ ኢሜይል፦ ስለ መክፈቻው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሕር ዳር ላይ ጀልባ ያለው፣ እንግዳ የሚያስጎበኝ ወይም ትንሽ ማረፊያ የከፈተ ሰው ውሎ አድሮ ለአንድ የአዲስ አበባ አስጎብኚ ድርጅት «አብረን እንሥራ» ብሎ መጻፉ አይቀርም። እንዲህ ያሉ ኢሜይሎች ሲጻፉም ሲነበቡም አያለሁ። ብዙዎቹ መልስ ሳያገኙ የሚቀሩት ጀልባው መጥፎ ወይም ዋጋው ውድ ሆኖ አይደለም። አንባቢዋ ከሁለተኛው መስመር ስላላለፈች ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስለ መክፈቻ ደጋግሜ የምሰማቸው ሐሳቦች ናቸው። ሁሉንም በአንድ ምሳሌ እንያቸው፦ ጣና ዳር ያለ የጀልባ ማኅበር የሰሜን ጉዞ ለሚያዘጋጅ የአዲስ አበባ ድርጅት ይጽፋል።

«ሰላምታ ካላበዛሁ ሥርዓት የለውም ይሉኛል።»

ፊት ለፊት ስንገናኝ ጤናውን፣ ልጆቹን፣ አገሩን ጠይቀን ነው ወደ ጉዳያችን የምንገባው፤ መቅረትም የለበትም። ኢሜይል ላይ ግን ተቀባዩ መልእክቱን ሳይከፍት አስቀድሞ የሚያየው ነገር አለ። ስልኩ ላይ የመልእክት ሳጥኑን ሲከፍት ለእያንዳንዱ ኢሜይል የላኪው ስም፣ ርዕሱና የጽሑፉ የመጀመሪያ ጥቂት ቃላት ይታዩታል። «በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እያቀረብን እንደምን ሰነበቱ» ብሎ የጀመረ ሰው ያቺን ጠባብ ቦታ በሰላምታ ሞላት። ከላይና ከታች ያሉት ኢሜይሎችም እንደዚያው ስለሚጀምሩ የእሱን ለይቶ የሚያስከፍት ምክንያት አይኖርም።

«ጤና ይስጥልኝ ወ/ሮ እገሊት፣» ይበቃል። አክብሮቱ የሚታየው በሰላምታው ርዝመት ሳይሆን ስሟ በትክክል በመጻፉና «እርስዎ» በመባሏ ነው። «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ የተጻፈውን ማንም የኔ ነው ብሎ አይመልሰውም። ስሙን ካላወቃችሁት ቢሮው ደውላችሁ «የሰሜን ፕሮግራም የሚያወጣው ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ ስልክ ያነሳው ሰው ይነግራችኋል።

«መጀመሪያ ማንነታችንን ካልተናገርን ማን ያምነናል?»

ማንነታችሁን መናገሩ አይቀርም፣ የሚለወጠው ቦታው ነው። የማኅበሩ ስም በላኪው ስም ላይ ይታያል። ስልክ ቁጥሩ፣ የንግድ ፈቃዱና የጀልባዎቹ ብዛት ከታች ከፊርማው ጋር ይገባሉ። ኢሜይሉ የተላከው ከጓደኛችሁ የግል አድራሻ ከሆነ ግን ከታች ምንም ብትጽፉ ጥርጣሬው አይጠፋም፤ ይህን ከመጻፋችሁ በፊት አስተካክሉ።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሌላ ሥራ አለው። አንባቢዋ ኢሜይሉን ስትከፍት በልቧ «ይሄ ለምን ለእኔ? ለምንስ ዛሬ?» ትላለች፤ መልሱ እዚያው መገኘት አለበት። «እኛ ዘመናዊ ጀልባዎች ያሉንና በጥራት የምንሠራ ማኅበር ነን» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሁሉም ነገሩ እውነት ሊሆን ይችላል፣ እሷ ግን ውስጡ የለችም። ስለዚህ «ሌላ ጊዜ አነበዋለሁ» ብላ ታልፈዋለች፤ ያ ሌላ ጊዜ አይመጣም።

«ድርጅታቸውን አመስግኖ መጀመር ልባቸውን ያራራል።»

በአገሪቱ ካሉት ግንባር ቀደም መባል የሚያስደስት ቢሆንም መልስ አያስጽፍም። መፈተኛው ቀላል ነው፤ የድርጅቱን ስም አውጥታችሁ የተፎካካሪውን ስም አስገቡበት። ዓረፍተ ነገሩ ሳይዛነፍ ከቆመ ለእሷ አልተጻፈም ማለት ነው። በምስጋናው ፋንታ መግባት ያለበት ስለ ሥራዋ ያያችሁት አንድ የተለየ ነገር ነው፤ እናንተ ከምታቀርቡት ጋርም በቀጥታ መገናኘት አለበት።

ወደ ምሳሌያችን እንምጣ። የድርጅቱ ድረ ገጽ የሰሜን ጉዞውን በቀን በቀን ዘርዝሮ አስቀምጧል እንበል። እንግዶቹ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በአውሮፕላን ባሕር ዳር ገብተው ያርፋሉ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ጢስ ዓባይን አይተው ከምሳ በኋላ በመኪና ወደ ጎንደር ይሄዳሉ። የጉዞው ቀን መጋቢት 12 ነው፤ ከጎኑ ያለው ፎቶ ግን ፏፏቴው ሞልቶ ሲወርድ ያሳያል። ጣና ዳር ያደገ ሰው እዚህ ላይ ይነቃል። ፏፏቴው እንደዚያ የሚሆነው በክረምቱና ክረምቱ እንደወጣ፣ እስከ ጥቅምት ገደማ ነው። በበጋው አብዛኛው ውኃ ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚዞር ገደሉ ላይ የሚቀረው ቀጭን ይሆናል። ፕሮግራሙን አዲስ አበባ ተቀምጦ ያወጣ ሰው ይህን ላያስበው ይችላል፤ እንግዳው ቅር ብሎት ሲመለስ ግን ወቀሳው እሷ ላይ ነው የሚወድቀው። ማኅበሩ እንዲህ ይጽፋል፦

«ጤና ይስጥልኝ ወ/ሮ እገሊት፣

የመጋቢት 12 የሰሜን ጉዟችሁ በአራተኛው ቀን ጠዋት ጢስ ዓባይን ይዟል። በዚያ ወር አብዛኛው ውኃ ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚሄድ እንግዶቻችሁ በፎቶው ላይ ያዩትን ፏፏቴ ላያገኙት ይችላሉ። በዚያው ጠዋት በጀልባ ዘጌ ወስደናቸው በቡና ደኑ ውስጥ እስከ ኡራ ኪዳነ ምሕረት በእግር ሄደው ለምሳ ልንመልሳቸው እንችላለን። ቡድኑ ስንት ሰው ነው?»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ፕሮግራሟ መነበቡን ያሳያል፤ መሐላ አላስፈለገውም። ሁለተኛው እናንተን ባትቀጥርም እንኳ የሚጠቅማትን ነገር ይሰጣታል፤ ለማታውቀው ሰው መልስ የምትጽፈው በዋናነት ለዚህ ነው። ሦስተኛው ችግሩን ነግሮ ዝም አይልም፤ የእናንተ ሥራ የሚገባበትን ቦታ ያሳያል፣ የምሳና የጎንደር ሰዓቷንም አያናጋም። ወደ ዘጌ መሄጃው ብቻ በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ስለሚወስድ በማለዳ መነሳት ግድ ነው። ሰዓቱን ሳትሠሩ «ለምሳ እንመልሳቸዋለን» አትበሉ። መጨረሻው ላይ ያለው ጥያቄ ደግሞ በአንድ ቁጥር ይመለሳል።

አደጋም አለው። ያያችሁት ነገር ስህተት ከሆነ ከምስጋናው የባሰ ይጎዳችኋል። ድረ ገጹ ላይ ያለው የአምና ፕሮግራም ሊሆን ይችላል፤ ዓመቱን እዩ። ውኃው የሚለቀቅባቸው ቀኖችም ስላሉ ጢስ ዓባይ ከተማ ያለ ሰው ጠይቁ። «ላያገኙት ይችላሉ» እንጂ «አያገኙትም» ያልተባለውም ለዚህ ነው። አነጋገሩም የፈተና እርማት እንዳይመስል ተጠንቀቁ። «ፕሮግራማችሁ ስህተት አለበት» የተባለ ሰው ይከላከላል፤ ስለ እንግዶቹ ሲነገረው ግን ያዳምጣል።

ሌላ ፕሮግራም ላይ ሌላ ነገር ታገኛላችሁ። ወንድና ሴት ለተቀላቀሉበት ቡድን ክብራን ገብርኤል ተይዞ ካያችሁ ሴቶች ወደ ገዳሙ እንደማይገቡ፣ አጠገቡ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ግን እንደሚቀበላቸው መጻፍ በራሱ ሙሉ መክፈቻ ነው።

«ርዕሱ ላይ ‘የትብብር ጥያቄ’ ብያለሁ፤ ግልጽ ነው።»

ግልጽ ቢሆንም የሁሉም ርዕስ ነው። «የመጋቢት 12 ጉዞ፦ የጢስ ዓባይ ጠዋት» ብትሉት የራሷን ሥራ ታይበታለች፣ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርም ከርዕሱ ቀጥሎ ይነበባል። ያልነበረ ጨዋታ የነበረ ለማስመሰል ርዕሱ ፊት Re: የሚጨምሩ አሉ። ይከፈትላቸዋል፤ ግን አንባቢዋ መታለሏን በመጀመሪያው መስመር ስለምታውቅ ቀሪውን በጥርጣሬ ነው የምታየው።

«ዋናውን ነገር በመጀመሪያው ኢሜይል ካልጠየቅሁ ጊዜ ማባከን ነው።»

የዓመት ውል፣ የኮሚሽን ድርሻ፣ «የባሕር ዳር ብቸኛ ወኪላችሁ አድርጉን» የሚሉት ጥያቄዎች መልሳቸው ከአንድ ሰው በላይ ይፈልጋል። ፕሮግራም አውጪዋ ሥራ አስኪያጇን፣ እሱ ደግሞ ሒሳብ ክፍሉን መጠየቅ አለባቸው፤ ስለዚህ ኢሜይሉ ይቆያል፣ ቆይቶም ይረሳል። «ቡድኑ ስንት ሰው ነው?» ለሚለው ግን ታክሲ ላይ ሆና ትመልሳለች። ስትመልስ ጨዋታው ተጀመረ፤ ዋጋውና ኮሚሽኑ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ኢሜይል ይመጣሉ።

«ዝርዝሩን አባሪው ላይ ይመልከቱ» ብሎ መክፈትም ያው ነው። በፎቶ የተሞላ ከባድ ፋይል በሞባይል ዳታ አውርዳ እንድታነብ እያዘዛችኋት ነው። ስትጠይቅ ትላኩላታላችሁ።

«አንድ ጥሩ መክፈቻ ካገኘሁ ለሃምሳውም እልከዋለሁ።»

ስለ መጋቢት 12 የተጻፈው ለሌላው አይሆንም፤ ጥንካሬውም እዚያ ላይ ነው። በዚያ ላይ ተመሳሳይ ጽሑፍ ከአዲስ አድራሻ በአንድ ቀን ለብዙ ሰው ሲላክ የኢሜይል ማጣሪያዎች እንደ አላስፈላጊ መልእክት ሊቆጥሩት ይችላሉ፤ ቀጥሎ የምትልኩት መልካሙ ኢሜይልም አብሮ ይጎዳል። ሥራውን ማቅለል ከፈለጋችሁ ድርጅቶቹን በዓይነት ለዩ። ወፍ ተመልካች የሚያመጡት በበጋ ወደ ጣና ዙሪያና ፎገራ ስለሚመጡት ክሬን የሚባሉ ወፎች መስማት ይፈልጋሉ፤ ገዳማት የሚያስጎበኙት ደግሞ የትኛው ገዳም ለማን እንደሚፈቀድ። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ለአንድ ዓይነት ድርጅቶች ሊመሳሰል ይችላል፤ የመጀመሪያው ግን ለእያንዳንዱ በእጅ ይጻፋል።

«ካልመለሱ አልፈለጉንም ማለት ነው።»

ዝምታና እምቢታ ይለያያሉ። «አመሰግናለሁ፣ ሌላ ጀልባ አለን» ካሉ መክፈቻው ሥራውን ሠርቷል፤ አንብበውታል፣ አሁን መታየት ያለበት ዋጋው ወይም አገልግሎቱ ነው። ከብዙዎቹ አንድም ቃል ካልመጣ ግን መጀመሪያ ኢሜይሉ መድረሱን አጣሩ፤ ቢሮው ደውሎ «አላስፈላጊ መልእክቶች ውስጥ ገብቶ ይሆን?» ማለት ነውር አይደለም። ደርሶ ዝም ካሉ ርዕሱንና የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ቀይሩ፤ ሌላውን ገና አትንኩ።

ሳምንት ያህል ቆይታችሁ በዚያው ኢሜይል ላይ ቀጥላችሁ ጻፉ፣ የፊተኛው ከሥር እንዲታይ። «ኢሜይሌን አይተውት ይሆን?» ብሎ መጀመር ግን ጥፋቷን ማስታወስ ነው። አዲስ ነገር ይዛችሁ ግቡ፦ «ወ/ሮ እገሊት፣ ትናንት ጢስ ዓባይ የሄደ ባልደረባችን ያነሳውን የፏፏቴውን ፎቶ ልኬልዎታለሁ፤ ለመጋቢቱ ቡድን ውሳኔ ይጠቅምዎታል።» ይህን ልካችሁም መልስ ከጠፋ ያንን ጉዞ ተዉትና የሚቀጥለው ዓመት ፕሮግራማቸው ሲወጣ በአዲስ ርዕስ ጻፉላቸው።