የፌስቡክ ግሩፕ አድሚንና ሞደሬተር፤ አባልነትንና ፖስትን የሚያጸድቁ ቅንብሮች

በፌስቡክ ግሩፕ የአስተዳደር ሥልጣን በሁለት ደረጃ ይሰጣል፤ አንደኛው አድሚን፣ ሁለተኛው ሞደሬተር ነው። በዕለት ተዕለት ሥራ ሁለቱን ለመለየት ያስቸግራል፤ ሁለቱም የአባልነት ጥያቄን ይቀበላሉ ወይም ውድቅ ያደርጋሉ፣ ፖስት ያጸድቃሉ፣ አስተያየት ይሰርዛሉ፣ ጥፋት የፈጸመን አባል ከግሩፑ አስወጥተው እንዳይመለስ ያግዳሉ። ልዩነቱ የሚገለጠው ጉዳዩ ስለ ግሩፑ ራሱ ሲሆን ነው። የግሩፑን ስም፣ የሽፋን ፎቶና የግላዊነት ደረጃ የሚለውጠው፣ ሌላውን ሰው አድሚን ወይም ሞደሬተር አድርጎ የሚሾመውና የሚሽረው፣ ቅንብሮቹንም የሚከፍተውና የሚዘጋው አድሚን ብቻ ነው። ስለዚህ ሞደሬተር የሚሠራው አድሚን በዘረጋው ደንብ ውስጥ ሆኖ ነው፤ ደንቡ ክፍተት ካለው፣ የቱንም ያህል ትጉ ቢሆን ክፍተቱን ራሱ ሊደፍነው አይችልም።

ከቅንብሮቹ ሁሉ ብዙ አስተዳዳሪዎች ሳያዩት የሚያልፉት፣ የአባልነት ጥያቄን ማን ማጽደቅ ይችላል የሚለውን የሚወስነው ነው። ምርጫው ሁለት ነው፤ ማንኛውም የግሩፑ አባል ያጽድቅ፣ ወይም አድሚንና ሞደሬተር ብቻ ያጽድቁ። የመጀመሪያው ምርጫ እርስ በርስ ለሚተዋወቁ ጥቂት ሰዎች ምቹ ሊሆን ይችላል፤ እንግዳ ሰዎች ለሚገቡበት ግሩፕ ግን፣ በእኔ እምነት፣ ፈጽሞ አይገባም።

ያገለገሉ የመማሪያ መጻሕፍት የሚሸጡበትንና የሚገዙበትን ግሩፕ በምሳሌነት እንውሰድ። አንድ አድሚንና ሦስት ሞደሬተሮች አሉት፤ ወደ ግሩፑ ለመግባት የሚጠይቅ ሰው ሁሉ ጥያቄዎች ይቀርቡለታል፤ ሞደሬተሮቹም መልሶቹን አንብበው አጠራጣሪ የሆነውን ጥያቄ ውድቅ ያደርጋሉ። ይሁን እንጂ ማጽደቅ ለሁሉም አባል ክፍት ነው። አንድ የአጭበርባሪ አካውንት አጥጋቢ መልስ ሰጥቶ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ተባባሪዎቹ የሆኑ ሌሎች አካውንቶች ጥያቄ ባቀረቡ ቁጥር ሞደሬተሮቹ ከማየታቸው በፊት እርሱ ያጸድቅላቸዋል። ይህ መከሰቱ የሚታወቀው የአባላቱ ቁጥር እየጨመረ፣ በሞደሬተሮቹ እጅ የሚያልፈው ጥያቄ ግን ጥቂት ሲሆን ነው። ሞደሬተሮቹ የገቡትን አንድ በአንድ ሊያስወጡ ይችላሉ፤ በሩን መዝጋት ግን የአድሚኑ ሥራ ነው። ቅንብሩ ቢለወጥም ቀድሞ የገቡት በዚያው አይወጡም፤ የአባላቱን ዝርዝር አይቶ ማጥራት የግድ ነው።

የፖስት ማጽደቂያ ቅንብር ከዚህ የተለየ ጉዳይ ይቆጣጠራል። ሲበራ፣ አባላት የሚልኩት ፖስት አድሚን ወይም ሞደሬተር እስኪያጸድቀው ድረስ በተጠባባቂነት ይቆያል፤ ሌሎች አባላትም አያዩትም። ቅንብሩ ከመብራቱ በፊት የወጡ ፖስቶች ባሉበት ይቀራሉ። ለመላው ግሩፕ ማብራት ከባድ መስሎ ከታየም፣ ችግር የታየበትን አንድ አባል ፖስቶች ብቻ በተጠባባቂነት እንዲያልፉ ማድረግ ይቻላል።

ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት፣ የፖስት ማጽደቂያ ከፖስት ሥር የሚጻፉ አስተያየቶችን አለመያዙ ነው። በመጻሕፍቱ ግሩፕ አጭበርባሪው ፖስቱ እንደማይጸድቅለት ሲያውቅ የራሱን ፖስት መላክ ትቶ፣ የሌላ ሰው ፖስት ሥር «እኔም አለኝ፣ በውስጥ መስመር አናግረኝ» ብሎ ይጽፋል፤ ገንዘቡን አስቀድሞ ተቀብሎም ይጠፋል። ገዢው በበኩሉ ፖስቱ ተመርምሮ የወጣ በመሆኑ ከሥሩ ያለውንም እንደተመረመረ ይቆጥረዋል፤ ጉዳቱን የሚያከፋው ይህ የተሳሳተ እምነት ነው። ለዚህ መፍትሔው ሞደሬተሮች አዲስ አስተያየቶችን በየጊዜው ማንበባቸውና የግሩፑ ደንብ ከፖስት ሥር የሚጻፈው አስተያየት አስቀድሞ እንደማይመረመር በግልጽ መናገሩ ነው።

ማጽደቂያው ሌላም ዋጋ አለው፤ ፖስት በሰዓቱ ካልታየ ይዘገያል። ሦስቱም ሞደሬተሮች በአንድ ሰዓት የሚተኙ ከሆነ፣ ማታ የተላከ የሽያጭ ማስታወቂያ እስከ ጠዋት ይጠብቃል፤ ላኪው ጠፍቶብኛል ብሎ ደጋግሞ ይልከዋል፤ ጠዋት ላይም አንድ ዓይነት ፖስት ተደራርቦ ይገኛል። ስለዚህ ቅንብሩን ከማብራት በፊት የሞደሬተሮቹን ሰዓት መከፋፈል ይገባል።

በምሳሌው ግሩፕ ውስጥ ያልተነገረው ድክመት የአድሚኑ ብቸኝነት ነው። አካውንቱ ቢዘጋበት ወይም በሌላ ሰው እጅ ቢገባ፣ ሦስቱ ሞደሬተሮች ጥያቄና ፖስት ማጽደቃቸውን ቢቀጥሉም፣ የማጽደቂያውን ቅንብር ሊለውጡ ወይም አዲስ አድሚን ሊሾሙ አይችሉም። ስለዚህ አድሚኑ አካውንቱ በእጁ ሳለ ከሞደሬተሮቹ አንዱን ወደ አድሚንነት ማሳደግ አለበት።