በአስፈሪ ፊልም ጠንቃቃዋ ለምን ትተርፋለች?

«ጨዋ ስለሆነች ነው» የሚለው መልስ ግማሹን ብቻ ነው የሚያስረዳው። እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው «ሃሎዊን» ላይ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሎሪ ገዳዩን ገና በጠራራ ፀሐይ፣ በክፍሏ መስኮት በኩል ታየዋለች። ጓደኞቿ ግን ነገሬ አይሉትም። እኛ ተመልካቾች ሰውየው አደገኛ መሆኑን ስለምናውቅ፣ ከጓደኛሞቹ መካከል የእኛን ያህል የምትጠራጠረው እሷ ብቻ ናት። ቀድማ ብትሞት ፍርሃታችንን የሚጋራ ሰው አይኖርም፤ ደራሲው እስከ መጨረሻ የሚያቆያት በዋናነት ለዚህ ይመስለኛል።

ጥንቃቄ ብቻውን ግን አያድንም። ሎሪ ገዳዩን አንገቱ ላይ በሹራብ መሥሪያ መርፌ ከወጋችው በኋላ፣ የሞተ መስሏት የያዘችውን ቢላ ትጥለዋለች (ተመልካች ሁሉ የሚጮኸው እዚህ ጋ ነው)። በመጨረሻ የሚደርስላት ገዳዩን ሲያሳድድ የቆየው ሽጉጥ የያዘ ዶክተር ነው።

የጨዋነቱ ነገር ደግሞ ከፊልም ፊልም ይለያያል፤ በ1996ቱ «ስክሪም» ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሲድኒ ከፍቅረኛዋ ጋር ተኝታም ትተርፋለች።