ስለ ኮፍያና ስካርፍ የሰለቹኝ አባባሎች

ፒያሳ አካባቢ ሹራብ እየሠራሁ እሸጣለሁ። ጥቅምት ገብቶ ያ ደረቅ ንፋስ ከተነሳ ጀምሮ ጥር እስኪያልቅ የምሰማው ወሬ አንድ ዓይነት ነው። ደንበኛው ይለዋወጣል፣ ንግግሩ አይለወጥም። ስለዚህ ከዚህ በኋላ ለሚመጣ ሁሉ ይህን ጽሑፍ አንብብ ብዬ ልገላገል።

«ግማሹ የሰውነት ሙቀት የሚወጣው በጭንቅላት ነው»

አይደለም። የራስ ቆዳ ከመላው የሰውነት ቆዳ አንድ አሥረኛ ያህል ነው፤ በዚያ በኩል የሚወጣው ሙቀትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ኮፍያ የምናደርገው ጆሮና ፊት ብርድ ቶሎ ስለሚሰማቸው ነው።

«ንፋስ በጆሮዬ እየገባ ነው የሚያመኝ፤ ጥጥ እወትፍበታለሁ»

የሚገባበት መንገድ የለም፤ የጆሮ ታምቡር ዘግቶታል። የሚያመው ቀዳዳው ውስጥ ያለው ስስ ቆዳ ሲቀዘቅዝ ነው። ውጭ ያለው ጆሮ ደግሞ ከሥሩ ስብ የሚባል ነገር የለውም ማለት ይቻላል። ጥጡን ወትፋችሁ ጆሮውን ለንፋስ ካጋለጣችሁ ምን አተረፋችሁ? እስከ ጉትቻው ቦታ ድረስ የሚወርድ ኮፍያ ፈልጉ። ሞቅ ያለ ቤት ገብታችሁም ሕመሙ ካልለቀቀ ወይም ፈሳሽ ካለ ግን የሹራብ ጉዳይ አይደለም፤ ሐኪም ጋ ሂዱ።

«እትዬ፣ ወፍራሙን ይስጡኝ፤ ብርድ የሚችለው እሱ ነው»

እዚህ ላይ ነው ትዕግሥቴ የሚያልቀው።

የሚያሞቀን ክሩ አይደለም። በክሩ መሃል ሳይንቀሳቀስ የተቀመጠው አየር ነው። ንፋስ ደግሞ ያንን አየር እየገፋ ያስወጣዋል። ስለዚህ ወፍራም ሆኖ አሠራሩ የላላ ኮፍያ፣ ክሩ የቱንም ያህል ቢከብድ፣ ንፋስ ላይ ወንፊት ነው። ይህን ያወቁ ነጋዴዎች መላ አመጡ። ውስጡን ፀጉራም የፖሊስተር ገበር ያደርጉበታል። አንዳንዱ በመሃል ስስ ላስቲክ ሁሉ ይጨምርበታል። ንፋሱ ይቆማል፣ እውነት ነው። ላቡም አብሮ ይታፈናል።

«በብርድ ምን ላብ አለ?» ይሉኛል። ይህን የሚለኝ ሰው ከለገሃር ተነስቶ በቸርችል ጎዳና ዳገቱን ወጥቶ ፒያሳ የደረሰ ነው! ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው፤ መሃሏም ዳገትና ቁልቁለት ነው። ሰው እየወጣ ያልባል። ከዚያ ይቆማል፤ ታክሲ ይጠብቃል፣ ፍተሻ ይሰለፋል። ያኔ ግንባሩ ላይና ማጅራቱ ላይ የቀረው እርጥበት መትነን ይጀምራል። ውሃ ሲተን ሙቀት ይወስዳል፤ ትንሽ እንዳይመስላችሁ። አንድ ጠብታ ውሃ እንዲተን የሚፈልገው ሙቀት ያንኑ ጠብታ ከ0 ዲግሪ አንስቶ እስኪፈላ ለማድረስ ከሚበቃው ከአምስት እጥፍ ይበልጣል። ያ ሙቀት በአብዛኛው የሚሄደው ከእናንተ ቆዳ ነው። ንፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ይፈጥናል።

ባለፈው ዓመት ማዘጋጃ ቤት አካባቢ የሚሠራ አንድ ልጅ ኮፍያውን በእጁ ይዞ መጣ። «ይሄ ቀጥኖብኛል፣ ከዚህ የሚወፍር ይኖራል?» አለኝ። ኮፍያው እንኳን ሊቀጥን ጣት ያህል ነው። ላዩ አክሪሊክ፣ ውስጡ ያ ፀጉራም ገበር። ፊቱ ገለበጥኩትና መዳፌን ግንባር በሚነካው በኩል ጫን አደረግሁበት፤ እርጥብ። በማጅራት በኩልም እርጥብ። ላዩን ዳሰስኩት፤ ድርቅ ያለ ነው። ልጁን ራሱን እንዲነካው አደረግሁት። ላቡ ገበሩ ላይ ቀርቶ ወደ ውጭ አልወጣም። በየት ነው ብርዱ የገባው? ከውስጥ ነዋ!

የሰጠሁት ከሱ የሳሳ ነው። ከበግ ሱፍ ክር የተሠራ፣ አናቱ ነጠላ፣ ጆሮ ላይ ብቻ ታጥፎ ድርብ የሚሆን። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ጋ ነው። ንፋስ የሚያጠቃው ጎንና ግንባርን ስለሆነ እዚያ ድርብ ይሁን፤ እንፋሎቱ ደግሞ በአናት በኩል ይውጣ። ሱፍ የመረጥኩለት የክብደቱን ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት በእንፋሎት መልክ ቢይዝ እንኳ ቆዳ ላይ የራሰ ስለማይመስል ነው። ፖሊስተር ውሃ አይመጥም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ላቡ ቆዳና ገበር መሃል ይቀመጣል።

አንድ ነገር ደግሞ አስጠነቀቅሁት። «ዳገቱን ስትጀምር ኮፍያውን ከጆሮህ በላይ ከፍ አድርገው፣ የጃኬትህንም ዚፕ ከአንገትህ ዝቅ አድርግ። ማላብ ከጀመርክ በኋላ ሳይሆን ከመጀመርህ በፊት። ላይ ደርሰህ ስትቆም መልሰህ አውርደው።» ተመልሶ ሲመጣ ቅሬታው ቀለሙ ላይ ነበር። ስለ ብርድ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

ወፍራም ኮፍያ አልሸጥም ማለቴ አይደለም። ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ለሚያድር ጥበቃ ወፍራሙን እሰጣለሁ፤ ስለማይንቀሳቀስ አያልበውም። መስቀል አደባባይ ላይ ወይም ሌላ የተገለጠ ቦታ ረጅም ሰዓት ለሚቆምም አናቱ ነጠላ የሆነው ብቻውን አይበቃም፤ ከላዩ የጃኬት ቆብ ይድረብበት፤ መራመድ ሲጀምር ቆቡን ያውርድ።

ስትገዙ ሁለት ነገር ሞክሩ። ኮፍያውን አፋችሁ ላይ አድርጉና ከኋላው መዳፋችሁን ይዛችሁ እፍ በሉ። ጆሮ በሚነካው ድርብ በኩል ትንፋሹ እምብዛም ሊሰማችሁ አይገባም፤ በአናቱ በኩል ግን ይሰማችሁ። ቀጥሎ የሱቁ መስታወት ላይ ለጥፉትና በጨርቁ በኩል ቀስ ብላችሁ ትኩስ ትንፋሽ አውጡ። ስታነሱት መስታወቱ ጉም ከያዘ እንፋሎት ያሳልፋል። ጥርት ብሎ ከቀረ ውስጡ ላስቲክ አለ፤ መልሱት። ሻጩ ቢያኮርፍ ያኩርፍ።

«ጥብቅ ያለው ይሻላል፣ ንፋስ አያስገባም»

ሹራብ ሲወጠር ቀዳዳው ይከፈታል። ኮፍያውን ሳትለብሱት በሁለት እጅ ወጥሩና ወደ ብርሃን አድርጉት፤ ታዩታላችሁ። ግንባር ላይ ቀይ መስመር የሚተው ኮፍያ ሁለት ጥፋት አለበት፤ ንፋስ ያስገባል፣ ላብ በሚያልብበት ቦታ ደግሞ ቆዳውን ይጫናል።

የኮፍያው ዙሪያ ከራሳችሁ ዙሪያ በ5 ወይም በ6 ሳንቲሜትር ቢጠብ ይበቃል። ለዚያ ልጅ ለካሁት፤ ራሱ 57 ሆነ፣ ኮፍያው 51። ቁመቱ 28 ነው፤ 7ቱ ሲታጠፍ 21 ይቀራል፤ ያ ደግሞ ጆሮውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል። ፋሽን ብለው ከጆሮ በላይ የሚያንጠለጥሉትን አጭር ኮፍያ ለፎቶ አድርጉት።

«ሱፍ ያሳክከኛል»

ሻካራው ያሳክካል፣ ለስላሳው አያሳክክም። አንገታችሁ ላይ አድርጋችሁ ትንሽ ቆዩ፤ ከወጋችሁ አትግዙ። የወደዳችሁት ከሆነና ግንባር ላይ ብቻ ካስቸገረ፣ እዚያ ዙሪያውን ስስ የጥጥ ጨርቅ ይሰፋበት። ሙሉ ገበር አታሰፉ፤ አናቱን ከዘጋችሁት ሱፍ መግዛታችሁ ምን ሊጠቅም?

ደግሞ ሱፍ ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ ሱፍ አይደለም። ሰልባጅ ተራ ላይ ምልክቱ የተቆረጠ ብዙ አለ። ከውስጥ ስፌቱ አጭር ክር ምዘዙና ሳህን ላይ በክብሪት ለኩሱት። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይደቃል። አክሪሊክ ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል፤ ትኩስ እያለ እንዳትነኩት። ክሩ የተቀላቀለ ከሆነ ሁለቱንም ምልክት ታያላችሁ።

«ስካርፉን እስከ አፍንጫዬ ካልጠቀለልኩ አይሞቀኝም»

ለጥቂት ደቂቃ ይሞቃችኋል። ከአፍ የሚወጣ ትንፋሽ እርጥብ ነው፤ ስካርፉ ላይ ይጠራቀማል፣ አገጭ ይረጥባል። ከዚያ አንድ ጊዜ ዝቅ ስታደርጉት ንፋሱ እርጥቡን አገጭ ያገኘዋል። አቧራ ሲነሳ መሸፈን ግድ ነው፤ ሲያልፍ አውርዱትና ደረቁን ጎን ወደ ቆዳችሁ አዙሩ።

ወርዱ 25፣ ርዝመቱ 170 ሳንቲሜትር ገደማ የሆነ ይበቃል። አንድ ዙር ብቻ አዙሩት፤ ጉሮሮና ስካርፉ መሃል ሁለት ጣት ይግባ። ሁለቱን ጫፎች ደረት ላይ አቋርጡና ጃኬት ውስጥ አስገቡ። በፊት በኩል ንፋሱ ይዘጋል፤ ሙቀት ሲበዛባችሁ ደግሞ በማጅራት በኩል ላላ ማድረግ ቀላል ነው። ሦስት ጊዜ ጠምጥሞ ከኋላ የሚቋጥር ሰው ዳገት ላይ ሲሞቀው መፍታት ይታክተዋል፤ በላቡ ይቀጥላል።

«ነጠላ ለብርድ አይሆንም»

እንደ አጠቃቀሙ ነው። አንድ እጥፍ ከሆነ ንፋስ ያልፈዋል። አራት አድርጋችሁ አጥፋችሁ ከጃኬት ሥር አንገት ላይ ብታደርጉት፣ በእጥፎቹ መሃል አየር ይይዛልና በደንብ ያሞቃል። ችግሩ ጥጥ መሆኑ ነው፤ ከራሰ ብርድን አይችልም። ስስ ስለሆነ ግን እጥፉ ሲፈታ ቶሎ ይደርቃል። ጋቢ ከራሰ እስኪደርቅ ቀኑ ያልቃል፤ ለቤትና ለመቀመጫ ይሁን።

የምትሠሩበት ቦታ ስትደርሱ ኮፍያውንም ነጠላውንም ፌስታል ውስጥ ጠቅልላችሁ ቦርሳ ውስጥ አትክተቱ። ማታ ስታወጡት የጠዋቱ ላብ እዚያው ይጠብቃችኋል። ኮፍያውን ገልብጣችሁ ወንበሩ ጀርባ ላይ አንጥልጥሉት።