ከስልክ ቤት የሚጫኑ ጨዋታዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ጨዋታው ያለ ችግር ይሠራል፤ ቫይረስ ቢኖርበት ኖሮ አይሠራም ነበር።»

ሰውን የሚያዘናጋው ይኸው በደንብ መሥራቱ ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2016 ፖኬሞን ጎ የተባለው የስልክ ጨዋታ መጀመሪያ ለጥቂት አገሮች ብቻ ሲለቀቅ፣ የሌሎች አገሮች ተጫዋቾች የመጫኛ ፋይሉን ከየድረ ገጹ ማሰስ ጀመሩ። ወዲያው የፕሩፍፖይንት ኩባንያ የደህንነት ባለሙያዎች ድሮይድጃክ የተባለ፣ ስልክን ከርቀት ለመቆጣጠር የሚያስችል ፕሮግራም የተደበቀበት ቅጂ አገኙ። የመክፈቻ ገጹ ከእውነተኛው አይለይም ነበር። ያጋለጠው የጠየቀው ፈቃድ ነው፦ አጭር መልእክት ማንበብና መላክ፣ ድምፅ መቅዳት።

ጅማ ውስጥ ጨዋታ ከጓደኛ ስልክ የሚቀበል ወይም ሂርማታ ገበያ ዙሪያ ካለ ስልክ ቤት የሚያስጭን ወጣት፣ የባንክ ማረጋገጫ ቁጥር የሚገባለትም በዚያው ስልክ ነው። ስለዚህ በስልኩ ቅንብር ውስጥ መተግበሪያዎች የሚለውን ከፍታችሁ የጨዋታውን ፈቃዶች ተመልከቱ። የመኪና እሽቅድምድም አጭር መልእክት የሚያነብበት አንድም ምክንያት የለም፤ ከጠየቀ አጥፉት። ያልጠየቀ ሁሉ ግን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

«አንዴ ልጫነው እንጂ አዲሱ ሲወጣ ፕሌይ ስቶር ያድሰዋል።»

ማንኛውም የአንድሮይድ መተግበሪያ የሠሪውን ዲጂታል ፊርማ ይይዛል። ስልኩ አዲሱን እትም በአሮጌው ላይ የሚቀበለው ሁለቱ ፊርማዎች ሲገጥሙ ብቻ ነው። ሳይነካ የተቀዳ ዋና ፋይል ከሆነ ሊታደስ ይችላል። «ሳንቲሙ የማያልቅ» ተብሎ የሚጫነው ግን ተከፍቶ የተለወጠ ነው፤ የለወጠው ሰው ሠሪው የሚፈርምበት ምስጢራዊ ቁልፍ ስለሌለው የራሱን ፊርማ አኑሮበታል።

አንድ ተማሪ እንዲህ ያለ የእግር ኳስ ጨዋታ ይዞ ወራት ተጫወተ እንበል። ዋናውን አዲስ እትም በላዩ ሊጭን ሲሞክር «App not installed» የሚል መልእክት ይመጣበታል። የቀረው መንገድ አሮጌውን ማጥፋት ነው፤ በስልኩ ላይ ብቻ የተቀመጠው ውጤትም አብሮ ይጠፋል። ውጤቱን በጉግል አካውንት አስቀምጦ ለማትረፍ ቢያስብ እንኳ፣ ፊርማው የተቀየረ ቅጂ ብዙ ጊዜ በአካውንቱ መግባት አይችልም። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ደግሞ ሠሪው የደፈነው የደህንነት ቀዳዳ በዚህ ልጅ ስልክ ላይ ክፍት ሆኖ መቆየቱ ነው።

«ዳታ ዘግቼ ስለምጫወት ማንም ምንም አይወስድብኝም።»

ጎጂ ፕሮግራም የሰበሰበውን አስቀምጦ ዳታው ሲከፈት ይልካል። ጨዋታውን ባትከፍቱትም ከበስተጀርባ ሊሠራ ይችላል።

«የመጫን ፈቃድ የሰጠሁት ለዚያ ጨዋታ ብቻ ነው።»

ከአንድሮይድ 8 ጀምሮ የመጫን ፈቃዱ የሚሰጠው ፋይሉን ላመጣው መተግበሪያ ነው፤ ለምሳሌ ለፋይል ማጋሪያው ወይም ለድር ማሰሻው። ካልዘጋችሁት ያ መተግበሪያ ነገም ሌላ ፋይል እንድትጭኑ ሊያቀርብላችሁ ይችላል። በቅንብር ውስጥ «Install unknown apps» የሚለውን ፈልጋችሁ የተፈቀደላቸውን አንድ በአንድ ዝጉ።