ፎ ፓ እና ዘመዶቹ፦ እንግሊዝኛ ለማኅበራዊ ስህተት የተዋሳቸው ቃላት

ፎ ፓ በፈረንሳይኛ «የተሳሳተ እርምጃ» ማለት ነው። መነሻው የሚሰናከል እግር ሲሆን፣ እንግሊዝኛ ቃሉን በ17ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ሲቀበለው ግን ለመንገድ ሳይሆን ለሰው ፊት ስህተት ነበር የፈለገው። እኛም «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ስንል ከእግር ወደ ማኅበራዊ ጥፋት የምንሻገረው በዚሁ መንገድ ነው። ልዩነቱ የእኛው ወለምታ አፍ ላይ መቅረቱ ነው፤ ፎ ፓ ግን በአለባበስም፣ በአቀማመጥም፣ በሰላምታም ይፈጸማል።

ቃሉ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን ዛሬ ካለው ይልቅ ከበድ ያለ ነበር። አንዲት ሴት «ፎ ፓ ፈጸመች» ሲባል ብዙ ጊዜ ከጋብቻ ውጭ የሆነ ግንኙነትን በለዘበ አነጋገር መጥቀስ ነበር። ዛሬ ይህ ትርጉም ጠፍቷል። በካልሲ ላይ ነጠላ ጫማ ያደረገ ሰው «የፋሽን ፎ ፓ» ፈጸመ ይባላል፤ የሚያስከትልበትም ቢበዛ ፈገግታ ነው።

አነባበቡ ያስቸግራል። ነጠላውም ብዙውም በአንድ ዓይነት ይጻፋል፤ መጨረሻ ላይ ያለችው ኤስ በነጠላ አትነበብም። በብዙ ቁጥር ግን እንግሊዝኛ ተናጋሪው «ፎ ፓዝ» ብሎ ዝ ይጨምርበታል፤ ፈረንሳዩ ይህን አያደርግም። ቃሉን በጆሮው ብቻ የሚያውቅ ሰው «ጠላት» እና «የእንስሳ መዳፍ» በሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ፊደል ጽፎት ይገኛል። ስለ ሥነ ሥርዓት ጉድለት በሚናገር ቃል ላይ የፊደል ጉድለት መፈጸም በራሱ ፎ ፓ ነው ብለው የሚቀልዱም አሉ።

የቅርብ ዘመዱ ጋፍ ነው። እሱም ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን እንግሊዝኛ ውስጥ የገባው በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ቢቀያየሩም አንድ አይደሉም፤ ፎ ፓ የአንድን ማኅበር ደንብ መጣስ ሲሆን፣ ጋፍ በተለይ በጋዜጠኞች አፍ አንድ የሕዝብ ሰው ሊናገረው የማይገባውን ሲናገር የሚሰጠው ስም ነው።

ልዩነቱን ሁለት ክስተቶች ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 2009 ሚሼል ኦባማ በቡኪንግሃም ቤተ መንግሥት ግብዣ ላይ እጃቸውን በንግሥት ኤልሳቤጥ ጀርባ ላይ አሳረፉ። ንግሥቲቱን መንካት እንደ ነውር ይታይ ስለነበር ጉዳዩ ፎ ፓ ነው አይደለም የሚል ክርክር ተነሣ። ንግሥቲቱ ራሳቸው ግን እጃቸውን በሚሼል ወገብ ላይ አድርገው ነበር። እንዲህ ነው፤ ደንቡ የተጣሰበት ሰው ካልተቀየመ ፎ ፓው እዚያው ይከስማል።

ጋፍ በዚህ አይመለስም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 28 ቀን 2010፣ ምርጫ ሊደረግ ስምንት ቀን ሲቀረው፣ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ጎርደን ብራውን በሮችዴል ከተማ ከአንዲት መራጭ ጋር ተነጋግረው መኪናቸው ውስጥ ገቡ። ልብሳቸው ላይ የቀረው ማይክሮፎን አልጠፋም ነበር። ለረዳታቸው ሴትዮዋን «ጭፍን ጥላቻ ያላት» ብለው ሲገልጹ ድምፁ ተቀርጾ በመላው አገሪቱ ተሰማ። ቤቷ ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠየቁ፤ ወሬው ግን የቀኑ ሁሉ ዜና ሆነ። ብራውን የሴትዮዋን ክብር ነክተዋል፤ ጋዜጦቹ ግን ይህን ፎ ፓ ከማለት ይልቅ ጋፍ ማለትን መረጡ፤ ምክንያቱም የተጋለጠው የሥርዓት ጉድለት ሳይሆን ሰውዬው በልባቸው የያዙት ነገር ነው። አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ማይክል ኪንስሊ ጋፍ ማለት ፖለቲከኛ እውነት ሲናገር ነው ያለውም ይህንኑ ይዞ ነው።

ሌሎቹ ዘመዶች አልፎ አልፎ ብቻ ይሰማሉ። ጎሽሪ «ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ሲሆን አንዱን ጥፋት ብቻ ሳይሆን የሰውየውን የአያያዝ ጉድለት በሙሉ ይገልጻል። ኮንትረታን ከሰይፍ ጨዋታ የመጣ ነው፤ ያለጊዜው የተሰነዘረ ምት ነበር፤ በእንግሊዝኛ ግን ዛሬ ቀለል ያለ ጭቅጭቅን ያመለክታል። ከሁሉ የሚያረጀው ሶሊሲዝም ከግሪክኛ የመጣ ነው። ጥንታውያን እንደሚተርኩት፣ በዛሬዋ ቱርክ ደቡባዊ ጠረፍ የነበረችው ሶሊ የምትባል ከተማ ነዋሪዎች ግሪክኛውን ያበላሹት ስለነበር ለሰዋስው ስህተት ስማቸው ተሰጠ። ኋላም ለጠረጴዛ ሥርዓት ስህተት ጭምር ዋለ።

ፈረንሳዮቹ ፎ ፓን ቢያውቁትም፣ ለዕለት ተዕለት ስህተት ጋፍ ማለት ይቀናቸዋል። ይበልጥ ሲያፍሩ ደግሞ «እግሩን ሳህን ውስጥ ከተተ» ይላሉ፤ እንግሊዞችም ተመሳሳይ አነጋገር አላቸው፤ እግሩ የገባበትን ግን አይናገሩም፣ «እግሩን ከተተበት» ብለው ያልፉታል።