ሠላሳ እና አርባ ቮልት ተደምረው ሃምሳ የሚሆኑበት ምክንያት፦ ስለ ኮምፕሌክስ ቁጥር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«መምህር፣ የኔጋቲቭ ቁጥር ዳግም ዘር የለም ተብለን ነው ያደግነው። አሁን ደግሞ i የሚባል ነገር አምጥተው አለ ይሉናል። የትኛውም መሣሪያ የማይለካውን ቁጥር ማጥናት ምን ይጠቅመኛል? ይህን ምዕራፍ ልተወው ነው።»

ውድ ተማሪዬ፣

ይህ አቤቱታ በየዓመቱ ይደርሰኛል፤ እውነቱን ልንገርሽና ሰልችቶኛል። የሰለቸኝ ግን በአንቺ አይደለም፤ ምዕራፉን በቅጡ ሳያነቡ «ይህ ለፈተና ብቻ ነው» እያሉ ለታናናሾቻቸው በሚያወርሱት ነው። ጥቃቅኖቹን ስህተቶች ቶሎ አልፌ በመሣሪያው ጉዳይ ላይ እቆያለሁ።

i የተፈጠረው x² + 1 = 0 መልስ እንዲያገኝ ነው የሚለው ትረካ ልክ አይደለም። የሒሳብ ሊቃውንት ይህ እኩልታ መልስ የለውም ብለው ለዘመናት አልፈውታል፤ የጎደለባቸውም ነገር አልነበረም። ያስገደዳቸው መልሱ በግልጽ የሚታይ ሌላ እኩልታ ነው። ጣሊያናዊው ካርዳኖ እ.ኤ.አ. በ1545 የሦስተኛ ደረጃ እኩልታዎችን መፍቻ ቀመር አሳተመ። ቀመሩን በ x³ = 15x + 4 ላይ ብትሞክሪው √−121 ላይ ያደርስሽና ይቆማል፤ በ x ቦታ 4ን ብትተኪ ግን 64 = 60 + 4 ስለሚሆን መልስ መኖሩን ማንም ያያል። ሌላው ጣሊያናዊ የሒሳብ ሊቅ ቦምቤሊ በ1572 ባሳተመው ሥራው መንገዱን ሳያቋርጥ ሄደበት። (2 + i)³ ሲባዛ 2 + 11i፣ (2 − i)³ ደግሞ 2 − 11i ይሰጣል፤ √−121 ማለትም 11i ስለሆነ፣ ቀመሩ የሚፈልጋቸው ሁለቱ ሣልስ ዘሮች 2 + i እና 2 − i ናቸው። ሲደመሩ i ይጠፋና 4 ይቀራል። ዙሪያ ጥምጥም ነው ካልሽ፣ x³ = 3x + 1 ሦስት መልሶች አሉት፤ ሦስቱም በተራው የቁጥር መስመር ላይ የሚገኙ ናቸው፤ ሆኖም አንዳቸውንም በኔጋቲቭ ቁጥር ዘር ሳያልፉ በዘር ምልክቶች ብቻ መጻፍ እንደማይቻል ተረጋግጧል።

በየፈተናው ወረቀት ላይ የማየው √−4 × √−9 = √36 = 6 ስህተት ነው፤ 2i × 3i = −6 ነው፣ ያ የማባዛት ሕግ ለኔጋቲቭ ቁጥሮች አይሠራምና። 3i ከ 2i ይበልጣል ማለትም ትርጉም የለውም፤ የሚነጻጸረው መጠናቸው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ መሣሪያ አይለካውም ወደሚለው።

በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሚሠራ አንድ ቀላል ሰርኪዩት ውሰጂ። 30 ኦም የሆነ ሬዚስተር እና ለዚህ ኤሌክትሪክ 40 ኦም የሚያህል ተቃውሞ ያለው ኢንዳክተር፣ ማለትም ጥቅል ሽቦ፣ በተርታ ተያይዘዋል፤ በሁለቱም ውስጥ 1 አምፔር ያልፋል። ቮልት ሜትር በሬዚስተሩ ላይ 30፣ በጥቅል ሽቦው ላይ 40 ያሳያል። ምንጩ ላይ ስንት ይነበባል? 70 ብለሽ ከሆነ ከአብዛኛው ሰው ጋር ነሽ፤ መሣሪያው ግን 50 ይላል።

ምክንያቱ ሁለቱ ቮልቴጆች ጣሪያቸውን የሚነኩት በተለያየ ቅጽበት መሆኑ ነው። የሬዚስተሩ ቮልቴጅ ከከረንቱ ጋር አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል። የጥቅል ሽቦው ቮልቴጅ ግን የሚከተለው የከረንቱን መጠን ሳይሆን የለውጡን ፍጥነት ነው፤ ስለዚህ ከከረንቱ ሩብ ዑደት ቀድሞ ጣሪያው ላይ ይደርሳል። ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 50 ዑደት የሚያደርግ ከሆነ ይህ ሩብ ዑደት 5 ሚሊሰከንድ ነው። ቮልት ሜትሩ መጠኑን ይነግርሻል እንጂ ሰዓቱን አይነግርሽም፤ የጎደለው መረጃ ይህ ነው።

እዚህ ላይ i ምን እንደሚያደርግ ተመልከቺ። ተራው ቁጥር በአግድም፣ i ያለበት ክፍል ደግሞ ሽቅብ በሚለካበት ጠለል ላይ፣ አንድን ቁጥር በ i ማባዛት 90 ዲግሪ፣ ማለትም ሩብ ዙር፣ ማዞር ነው። ሁለት ጊዜ ብታዞሪው ግማሽ ዙር ይሞላና የቁጥሩ ምልክት ይገለበጣል፤ i² = −1 የሚለው ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም። የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች i የሚለውን ፊደል ለከረንት ስለሚጠቀሙበት በምትኩ j ይጽፋሉ። ስለዚህ የሰርኪዩቱ ጠቅላላ ተቃውሞ 30 + 40j ነው፤ መጠኑ √(900 + 1600) = 50። ይህን ስሌት የኤሌክትሪክ መሐንዲሱ ሽታይንሜትዝ እ.ኤ.አ. በ1893 በቺካጎ በተደረገ ጉባኤ ላይ አቀረበው፤ መሐንዲሶችም ከረጅም የሳይንና የኮሳይን ሥራ ተገላገሉ።

«ይህማ የፓይታጎራስ ቴዎረም ነው» ትዪኝ ይሆናል። ልክ ነሽ፣ እስካሁን ለመደመር ብቻ ነው የተጠቀምንበት፤ ለዚህ ተራ ጥንድ ቁጥርም ይበቃል። ጥንድ ቁጥሮች ግን በ i² = −1 ሕግ ካልታሰሩ እርስ በርስ አይካፈሉም፤ ከረንት ደግሞ የሚገኘው ቮልቴጅን ለተቃውሞ በማካፈል ነው። 50 ÷ (30 + 40j) ብታሰዪ 0.6 − 0.8j ታገኛለሽ፤ መጠኑ ያው 1 አምፔር ነው። አሁን በዚሁ ምንጭ ላይ ከነባሩ ጎን ለጎን 62.5 ኦም የሆነ ካፓሲተር አገናኚ። በካፓሲተር ውስጥ ከረንቱ ከቮልቴጁ ሩብ ዑደት ይቀድማል፤ ስለዚህ የሚስበው +0.8j ነው። ድምሩ 0.6 ብቻ ሆነ! 1 አምፔር በሚስብ ሰርኪዩት ላይ 0.8 የሚስብ ዕቃ ጨምረሽ ምንጩ የሚሰጠው ወደ 0.6 ወረደ። በኤሌክትሪክ ሥራ የተሰማራ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ እንዲህ ያለ ንባብ ሲያይ መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ሌላ አሜትር ፍለጋ ሄዷል። አሜትሩ ደኅና ነበር፤ የጠፋው j ነው።

ሬዚስተሩ የሚጠቀምበት ኃይል በሁለቱም ጊዜ 30 ዋት ነው። −0.8j የነበረው ክፍል በአማካይ ምንም ሥራ ሳይሠራ በምንጩና በጥቅል ሽቦው መካከል ይመላለሳል፤ ሆኖም የመስመሩን ሽቦ ያሞቃል። በመስመር ላይ የሚባክነው ኃይል ከከረንቱ ካሬ ጋር ስለሚሄድ ብክነቱ ከ1 ወደ 0.36 ይወርዳል። ትልልቅ ሞተሮች ያሏቸው ፋብሪካዎች ካፓሲተር የሚተክሉት ለዚህ ነው። መሣሪያ አይለካውም ያልሽው ክፍልም የራሱ ቆጣሪ አለው፤ በብዙ አገሮች ለትልልቅ ደንበኞች በሒሳብ ደረሰኝ ላይ ይገባል።

ዘዴው ወሰን አለው። የሚሠራው ሞገዱ አንድ ዓይነት ድግግሞሽ ይዞ ሲረጋጋ ነው፤ ማብሪያውን በተጫንሽበት ቅጽበት ስለሚፈጠረው ግርግር አይነግርሽም፤ ሞገዱ የተቆራረጠ ከሆነም በየድግግሞሹ ተነጣጥሎ ለየብቻ መሰላት አለበት።

ምዕራፉን ከመዝጋትሽ በፊት ካፓሲተሩ የሚስበውን እጥፍ አድርገሽ ወደ 1.6j አውጪውና ስሌቱን በወረቀት ላይ ሥሪው። 0.6 + 0.8j ይደርስሻል፤ አሜትሩም እንደገና 1 ይላል። ንባቡ ካፓሲተር ከመጨመርሽ በፊት የነበረው ነው፣ መባከኑም ያው ነው፤ አሁን ግን መፍትሔው ካፓሲተር መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነው፤ ይህንንም ከ j ፊት ካለው ምልክት በቀር ከአሜትሩ ልታውቂው አትችዪም።