ከሥራ ቃለ መጠይቅ በኋላ የጠያቂው ኢሜይል በሌለበት በሊንክድኢን ምስጋና መላክ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ኢሜይላቸውን ካልሰጡኝ በሊንክድኢን መጻፍ ድፍረት ነው።»

ሊንክድኢን ሰዎች በሥራ ጉዳይ የሚፈልጋቸው እንዲያገኛቸው ብለው ስማቸውንና የሥራ ድርሻቸውን በገዛ ፈቃዳቸው ያሰፈሩበት ቦታ ነው፤ ስለዚህ ከቃለ መጠይቅ በኋላ በዚያ በኩል አጭር ምስጋና መላክ ማንንም አያስከፋም። ድፍረት የሚሆነው ጠያቂውን በግል ስልካቸው ወይም በፌስቡክ ገጻቸው ተከታትሎ መጻፍ ነው። የባልደረቦቻቸውን አድራሻ አይቶ የእርሳቸውን ኢሜይል በግምት መሥራትም አይመከርም፤ ተመሳሳይ ስም ላለው ሌላ ሠራተኛ ሊደርስ ይችላልና። በሊንክድኢንም ቢሆን ተመሳሳይ ስም የያዙ ብዙ ሰዎች ስላሉ፣ ከመጻፍዎ በፊት የሚሠሩበትን ድርጅትና የሥራ መደባቸውን በቃለ መጠይቁ ላይ ከነገሩዎት ጋር ያመሳክሩ።

«ገጻቸውን ካገኘሁ እንደ ኢሜይል የፈለግሁትን ያህል ጽፌ እልካለሁ።»

አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። በሊንክድኢን በነጻ መልእክት መላክ የሚቻለው፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር፣ አስቀድሞ ከእርስዎ ጋር ለተገናኘ ሰው ነው። ካልተገናኛችሁ ያለዎት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ኢንሜይል የሚባለው መልእክት ሲሆን በአብዛኛው የሚከፈልበት አባልነት ይጠይቃል፤ ለአንድ ምስጋና ብሎ መክፈል አስፈላጊ አይመስለኝም። ሁለተኛው የመገናኘት ጥያቄ ልኮ ከጥያቄው ጋር አጭር ማስታወሻ ማያያዝ ነው። በነጻው አባልነት ይህ ማስታወሻ ከ200 ፊደል ሊያልፍ አይችልም፤ በወር ማያያዝ የሚቻለውም ጥቂት ብቻ ነው። ስለዚህ ማስታወሻ የሚያያይዙበትን ዕድል ለማይታወቁ ሰዎች አስቀድመው አይጨርሱት።

ሌላው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ጉዳይ የሚጫኑት ቁልፍ ነው። ጥያቄውን ሊንክድኢን ከሚያቀርብልዎት የሰዎች ዝርዝር ላይ ሆነው Connect ብለው ከላኩ፣ ማስታወሻ የሚጽፉበትን ዕድል ሳያገኙ ባዶውን ሊሄድ ይችላል። የጠያቂውን ገጽ ከፍተው፣ Add a note የሚለውን መርጠው፣ ጽፈው መላክ አለብዎት። ባዶ ጥያቄ ከሄደ በኋላ ማስታወሻ መጨመር አይቻልም። ጥያቄውን ሰርዘው እንደገና ልላክ ቢሉ ደግሞ ሊንክድኢን ለዚያው ሰው አዲስ ጥያቄ ለመላክ እስከ ሦስት ሳምንት ድረስ ያስጠብቅዎታል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የቅጥሩ ውሳኔ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ጽሑፉን በስልክዎ ማስታወሻ ላይ አዘጋጅተው፣ አንብበውና አርመው፣ ከዚያ ቢገለብጡት የተሻለ ነው።

«በ200 ፊደል ምንም ቁም ነገር መናገር አይቻልም።»

በአማርኛ ከጻፉ ከሚገምቱት በላይ ይበቃል፤ «መ» ወይም «ሱ» እያንዳንዳቸው እንደ አንድ ፊደል ይቆጠራሉና፣ በላቲን ፊደል ሁለት ምልክት የሚፈጀው ድምፅ በፊደላችን አንድ ቦታ ብቻ ይይዛል። እርግጥ ቋንቋው ቃለ መጠይቁ የተካሄደበት መሆን አለበት።

ለሒሳብ ባለሙያነት የተጠየቀች አንዲት አመልካች እናስብ። የፋይናንስ ኃላፊው በውይይቱ መካከል የባንክ ማስታረቅ ሥራ እየዘገየ የወሩ ሒሳብ በሰዓቱ እንደማይዘጋ ነግረዋታል፤ እርሷም በማግስቱ ጠዋት እንዲህ ብላ ልትጽፍ ነው፦ «ጤና ይስጥልኝ። በሊንክድኢን ስላገኘሁዎት ደስ ብሎኛል። ላደረግነው ቆይታ ከልብ አመሰግናለሁ። ለዚህ ሥራ ተስማሚ እንደሆንኩ አምናለሁ፤ መልስዎን በጉጉት እጠብቃለሁ።» ይህ ጽሑፍ ስሕተት ባይኖርበትም ማን ስለ የትኛው ሥራ እንደጻፈ አይናገርም፤ በዚያ ሳምንት አምስት አመልካቾችን ያነጋገሩት ኃላፊም የትኛዋ እንደሆነች ለማስታወስ ይቸገራሉ። የመጨረሻው ሐረግ ደግሞ ምስጋናውን ወደ ውትወታ ይለውጠዋል።

አሁን ደግሞ ይህን እንይ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ትናንት ለሒሳብ ባለሙያ ቦታ ስላነጋገሩኝ አመሰግናለሁ። የወሩ ሒሳብ መዘጋት በባንክ ማስታረቅ ምክንያት እንደሚዘገይ ሲያስረዱኝ የሥራው ጭንቅ የት ላይ እንዳለ ገባኝ፤ ፍላጎቴም ጨመረ።» ክፍት ቦታውና ሥርዓተ ነጥቡ ተቆጥሮ ወደ 125 ፊደል ነው። ቀኑንና የሥራ ቦታውን ይናገራል፣ እርሷና ኃላፊው ብቻ የሚያውቁትን አንድ ነጥብ ያነሣል፣ መልስም አይጠይቅም። ስሟና ፎቶዋ ከጥያቄው ጋር ስለሚታዩ በስሟ መዝጋት አላስፈለጋትም። ሊንክድኢን የምትጠቀመው በላቲን ፊደል በተጻፈ ወይም በአጠረ ስም ከሆነ ግን በማመልከቻዋ ላይ ያለውን ስም ብትጨምር ቦታው ይበቃታል።

ኃላፊው ጥያቄውን ሲቀበሉ ማስታወሻው የመልእክት ልውውጡ መጀመሪያ ሆኖ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ የ200 ፊደል ገደብ የለም። በቃለ መጠይቁ ላይ አጥጋቢ መልስ ያልሰጠችበት ጥያቄ ካለ በሦስት ወይም በአራት ዓረፍተ ነገር የምታስተካክለው ያን ጊዜ ነው። ያንኑ ምስጋና እንደገና መጻፍ ግን አያስፈልጋትም።

«ጥያቄዬን ካልተቀበሉ አልተመረጥኩም ማለት ነው።»

ሊንክድኢንን በወር አንድ ጊዜ እንኳ የማይከፍቱ ኃላፊዎች ብዙ ናቸው፤ ጥያቄዎ በግብዣዎች ዝርዝር ውስጥ ሳይታይ ሊቆይ ይችላል። አይተውት ውሳኔው እስኪያልቅ ከማንኛውም አመልካች ጋር ላለመገናኘት የሚጠነቀቁ ጠያቂዎችም አሉ፤ ለሁሉም እኩል ለመሆን ሲሉ የሚያደርጉት ስለሆነ ልናከብርላቸው ይገባል። ሊንክድኢን ጥያቄዎን ሲቀበሉ ያሳውቅዎታል፤ ችላ ሲሉት ግን ምንም አይነግርዎትም። ስለዚህ ዝምታው ስለ ውጤቱ የሚያስረዳዎት ነገር የለም።

በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ምላሽ ካላገኙ ጥያቄውን እንዳለ ይተዉትና ለቀጠሮው የደወለልዎትን ወይም የጻፈልዎትን የሰው ኃይል ባለሙያ ያነጋግሩ። የዚያን ሰው ስልክ ወይም ኢሜይል አብዛኛውን ጊዜ አስቀድመው ይዘውታል። «ለኃላፊው ምስጋናዬን ቢያደርሱልኝ» የሚል አንድ መስመር የሚከብደው ባለሙያ እምብዛም አይገኝም፤ እንዲያውም ይህ መንገድ ከሊንክድኢኑ ይልቅ ቶሎ ሊደርስ ይችላል።

«አንዴ ከተቀበሉኝ ውጤቱን ከእርሳቸው መጠየቅ እችላለሁ።»

ጠያቂው ውጤቱን ቢያውቁም እንኳ ከሰው ኃይል ክፍሉ በፊት ሊናገሩ አይፈቀድላቸው ይሆናል፤ ጥያቄዎ ዋሽተው ወይም ዝም ብለው እንዲያልፉ ያስገድዳቸዋል። ውጤቱ መቼ እንደሚታወቅ የሚጠየቀው ቀጠሮውን የያዘው ሰው ነው፤ እርሱም ቢሆን የተነገረዎት ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ለጠያቂው የሚላክ ሁለተኛ መልእክት ቢኖር፣ ራሳቸው በውይይቱ ላይ «ላክልኝ» ወይም «ላኪልኝ» ያሉት የሥራ ናሙና ወይም ሰነድ ነው።